ከፀጉር የተረፈው ቀለም

የሠርግ ዋዜማ ነው። እናት ፀጉሯን ጥቁር ቀለም ተቀብታ፣ ጭንቅላቷን በፌስታል ጠቅልላ፣ ትከሻዋ ላይ አሮጌ ፎጣ ጣል አድርጋ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ቀለሙ የተበጠበጠበት ሰሃን ጠርዝ ላይ ማንኪያ የማይሞላ ተርፏል። መስታወት አንሥታ ግራ ቅንድቧ ላይ ብቅ ያሉትን ሽበቶች ታያለች። «ይኼ ከሚደፋ ቅንድቤንም ነካ ነካ አድርጊልኝ» ትላታለች ልጇን። ልጅቷ ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለ እንጨት ይዛ ትጠጋለች።

ይህ በብዙ ቤት የሚደረግ ነገር ነው፤ በሰፈር ፀጉር ቤቶችም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ ምንም ሳያስከትል ስለሚያልፍ ሰው ይደፋፈራል። ቀለሙ የመጣበት ካርቶን ውስጥ የታጠፈው ወረቀት ግን፣ ማንም በማያነበው ደቃቅ ፊደል፣ ይህን ቀለም ለቅንድብና ለሽፋሽፍት አትጠቀሙ፣ ዓይን ሊያሳውር ይችላል ይላል። አሜሪካ ውስጥ ይህ ማስጠንቀቂያ እንዲህ ባለው የፀጉር ቀለም ላይ እንዲጻፍ የሚጠይቀው ራሱ የአገሪቱ ሕግ ነው። ሕጉ ደግሞ የወጣው ዓይናቸውን ያጡ ሴቶች ስለነበሩ ነው።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ «ላሽ ሉር» የሚባል የሽፋሽፍትና የቅንድብ ቀለም በአሜሪካ የውበት ሳሎኖች ይሠራበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 ኦሃዮ ግዛት፣ ዴይተን ከተማ የምትኖር አንዲት እናት ለአንድ ዝግጅት ለመዋብ ሳሎን ገብታ በዚሁ ቀለም ተቀለመች። ዓይኖቿ አበጡ፣ ቆሰሉ፣ በመጨረሻም ብርሃናቸው ጠፋ። እሷ ብቻ አልነበረችም፤ ሌሎችም ተጎድተዋል፣ ቁስሉ አመርቅዞ የሞተችም አለች። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት ነገሩን ቢያውቅም ዕቃውን ከገበያ ማንሣት አልቻለም፤ በእጁ የነበረው የ1906ቱ ሕግ ስለ ምግብና ስለ መድኃኒት እንጂ ስለ መዋቢያ አንድም ቃል አልነበረውም። ማድረግ የቻለው የሴትየዋን የበፊትና የበኋላ ፎቶግራፍ ጎን ለጎን አድርጎ ለሕዝብና ለሕግ አውጪዎች ማሳየት ነበር። በሰኔ 1938 አዲሱ ሕግ ሲጸድቅ መዋቢያዎችም በቁጥጥር ሥር ገቡ፤ በዚያ ሕግ መጀመሪያ ከተወረሱት ዕቃዎች አንዱም ይኸው ላሽ ሉር ነበር።

በላሽ ሉር ውስጥ የነበረው ንጥረ ነገር ስሙ ፓራ ፊኒሊን ዳያሚን ነው፤ ባለሙያዎች ባጭሩ ፒ.ፒ.ዲ. ይሉታል። ከዘጠና ዓመት በኋላም አለ። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚሸጡት የማይለቁ ጥቁርና ቡናማ የፀጉር ቀለሞች ውስጥ አብዛኞቹ የተመሠረቱት በእሱ ወይም በቅርብ ዘመዱ ላይ ነው። ሰው ያልተወው ደግሞ ሽበትን እንደ እሱ የሚሸፍን ስላልተገኘ ነው። ከመበጥበጡ በፊት ቀለም የሌለው፣ እጅግ ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ ትንሽ በመሆኑ ወደ ፀጉሩ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ እዚያው ውስጥ እርስ በርሱ ተያይዞ ትልቅና ጥቁር ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በገባበት ቀዳዳ መውጣት አይችልም። ሻምፑ የማያስለቅቀውም ለዚህ ነው።

ወደ ፀጉር ያስገባው ያ ትንሽነት ወደ ቆዳም ያስገባዋል። በጭንቅላት ላይ ቆዳው ወፍራም ነው፣ ቀለሙም ከዓይን ይርቃል። ቅንድብ ግን ከዐይን ቆብ ጋር የተያያዘ ነው፤ የዐይን ቆብ ቆዳ ደግሞ ከሰውነት ሁሉ ስሱ ነው። ግንባር ላይ የወረደ ላብ ወይም አንድ ጠብታ ውኃ ቀለሙን ይዞ ዓይን ውስጥ ለመግባት የሚያስፈልገው ሁለት ጣት የማይሞላ መንገድ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ለጭንቅላት የተሠራው ቀለም ብዙ ጊዜ የሚበጠበጠው ስድስት፣ ዘጠኝ፣ አንዳንዴም ዐሥራ ሁለት በመቶ ጥንካሬ ባለው ፐርኦክሳይድ ነው። ለቅንድብ ተብሎ የሚዘጋጀው ሦስት በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ «ቀለም ያው ቀለም ነው» የሚለው አነጋገር በሁለት በኩል ስሕተት አለበት፤ ንጥረ ነገሩም መጠኑም ለቦታው አልተለካም።

የፒ.ፒ.ዲ. አለርጂ ሌላም የሚያታልል ጠባይ አለው። አንዳንድ ሰው መጀመሪያ ሲቀባው ምንም አይሰማውም፤ ሰውነቱ ግን ያንን ንጥረ ነገር ለይቶ ይመዘግበዋል። በሁለተኛው ወይም በዐሥረኛው ጊዜ፣ ቀለሙ ከታጠበ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ዐይን ቆቡ ያብጣል። እንዲህ ዘግይቶ በመምጣቱ ብዙ ሰው ከቀለሙ ጋር አያገናኘውም፤ ምግብ ነው፣ ነፍሳት ነክሶኝ ነው፣ አቧራ ነው ይላል። በዚህም ምክንያት «ባለፈው ተቀብቼው ምንም አላለኝም» ማለት ለሚቀጥለው ጊዜ ዋስትና አይሆንም። አንዴ የተመዘገበ አለርጂ ዕድሜ ልክ የሚኖር ነው፤ ከቅንድብም አልፎ አንዳንድ ማደንዘዣ ቅባቶችንና የጎማ ዕቃዎችን ሰውነት እንዳይቀበል ሊያደርግ ይችላል።

በእኛ አካባቢ ይህ አለርጂ ሳይታወቅ የሚያዝበት አንድ በር አለ፤ ጥቁር ሂና። እውነተኛው ሂና ከቅጠል የሚፈጭ ዱቄት ነው፤ የሚሰጠው ቀለም ከብርቱካናማ እስከ ሸክላማ ቡናማ ነው እንጂ ጥቁር አይሆንም፤ እጅ ላይም ለሰዓታት መቆየት ይፈልጋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥቁር ቅርጽ የሚተወው ግን፣ በሠርግ ቤትም ይሁን በዱባይና በጂዳ ሳሎኖች፣ ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም የተደባለቀበት ነው። እንዲህ ያለ ሂና እጇ ላይ ተሥሎላት ቅርጹን ተከትሎ ያሳከካት ወይም የቆሰለባት ሴት ከዚያ ወዲህ ፒ.ፒ.ዲ. ያለበትን ቀለም፣ ለቅንድብ ተብሎ የተሠራ ቢሆን እንኳ፣ መንካት የለባትም።

ታዲያ ምን ይገዛ? ገበያው ላይ «የቅንድብ» ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ይበቃል።

የመጀመሪያው በየቀኑ ተቀብቶ ማታ የሚታጠበው ነው፤ እርሳስ፣ ዱቄት፣ ወይም በትንሽ ብሩሽ የሚቀባ ቀለም ያለው ጄል። ቀለማቸው በአብዛኛው ከብረት ኦክሳይድ የሚመጣ ነው፤ ቆዳ ላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰርግም፤ በዓይን አካባቢ እንዲውልም በአሜሪካም በአውሮፓም የተፈቀደ ነው። አለርጂ ላለባት፣ ነፍሰ ጡር ሆና ለተጠራጠረች፣ ወይም ጊዜ ላጠራት ሴት ከዚህ የተሻለ የለም። ጄሉ ሽበትን ለአንድ ቀን ጥሩ አድርጎ ይሸፍናል።

ሁለተኛው ብዙዎች «ቲንት» የሚሉት፣ በሁለት ቁራጭ የሚመጣ ቀለም ነው፤ አንዱ ትንሽ ቱቦ፣ ሌላው ሦስት በመቶ ፐርኦክሳይድ የያዘ ጠርሙስ። በፀጉሩ ላይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። እዚህ ላይ አገሮች አይስማሙም። በአውሮፓ ኅብረት በቤት ውስጥ የሚሠራባቸው የቅንድብ ቀለሞች በመደብር ይሸጣሉ፤ ለሽፋሽፍትና ለቅንድብ ብቻ ተብሎ የተፈቀደ ንጥረ ነገርም አለ፤ ሲልቨር ናይትሬት ይባላል፣ ከአራት በመቶ እንዳይበልጥም ተወስኗል። አሜሪካ ግን ለረጅም ዘመን ለቅንድብ አንድም የማይለቅ ቀለም አልፈቀደችም፤ በቅርቡ የፈቀደችውም ይህንኑ ሲልቨር ናይትሬት፣ እሱንም በባለሙያ እጅ ብቻ ነው። ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ ሆና በኢንተርኔት የቤት ቲንት የምታዝ አንባቢ፣ የገዛችው ዕቃ በምትኖርበት አገር ለዚያ ሥራ ፈቃድ እንደሌለው አውቃ ትግዛ።

ሦስተኛው የቅንድብ ሂና ነው። ስሙ ቅጠል ስለሚያስታውስ ሰው ያምነዋል። ነገር ግን ጥቁርና ጠቆር ያለ ቡናማ ከሚሰጡት የቅንድብ ሂናዎች ብዙዎቹ ዱቄቱ ውስጥ ሰው ሠራሽ ማቅለሚያ አለባቸው፤ ከነዚህም ውስጥ ፒ.ፒ.ዲ. ያለባቸው ይገኛሉ። አሜሪካ ንጹሑን ሂና እንኳ የፈቀደችው ለራስ ፀጉር ብቻ ነው፤ ለዓይን አካባቢ አይደለም።

መደብር ውስጥ ካርቶኑን ገልብጦ ማየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ካርቶኑ ላይ «አይብራው» የሚለው ቃል ለምን እንደሚውል በሚያብራራው ክፍል ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ፊት ለፊት ያለው ሥዕል ብቻ አይበቃም። «ለጢምና ለሪዝ» የሚል ቀለም ለቅንድብ አይሆንም፤ ፊት ላይ መዋሉ ከዓይን አጠገብ መዋል ማለት አይደለም። የንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር፣ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የምርት ቁጥሩና የአገልግሎት ጊዜው ሊኖሩ ይገባል፤ ውስጡም የአለርጂ ሙከራ እንዴት እንደሚደረግ የሚናገር ወረቀት። በዝርዝሩ ውስጥ «ፊኒሊንዳያሚን» ወይም «ቶሉይን ዳያሚን» የሚል ቃል ካለ አለርጂ ላለባት ሴት የሚሆን አይደለም፤ ፒ.ፒ.ዲ. አንዳንዴ «ሲ.አይ. 76060» በሚል ቁጥርም ይጻፋል። መርካቶ በግልጥ ፌስታል ተመዝኖ የሚሸጥ ዱቄት ወይም ጽሑፉ ተፍቆ ሌላ ወረቀት የተለጠፈበት ቱቦ ምን እንደያዘ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። አገር ውስጥ የመዋቢያ ዕቃዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ጉዳት ያደረሰ ዕቃ ሲገጥም ካርቶኑን ሳይጥሉ ለእሱ ማሳወቅ ይቻላል።

አሁን ወደ ቀለሙ ምርጫ እንግባ፤ ቅንድብ በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና።

ኢትዮጵያዊት ሴት ቲንት ስትገዛ እጇ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጥቁሩ ነው። ፀጉሬ ጥቁር ነው፣ ቅንድቤም ጥቁር ይሁን ትላለች። ነገር ግን የራስ ፀጉር ብዛት ያለውና ብርሃን የሚጫወትበት ነገር ነው፤ ጥቁር ቢሆንም ፀሐይ ላይ ቡናማ ነጸብራቅ ይሰጣል። ቅንድብ ግን ጠባብ መስመር ነው፤ ቀለሙ ፀጉሩን ብቻ ሳይሆን ሥሩ ያለውን ቆዳም ለጥቂት ቀናት ያጠቁረዋል። ጥቁር ፀጉር ላይ ጥቁር፣ ቆዳው ላይም ጥቁር ሲደረብ በማርከር የተሠመረ ይመስላል፤ ፊቱንም የተቆጣ ያስመስለዋል። አንዳንዱ ጥቁር ቲንት ደግሞ ሰማያዊ መሠረት ስላለው እየለቀቀ ሲሄድ በጠይም ቆዳ ላይ ግራጫ ሰማያዊ ጥላ ይተዋል።

ሰለዚህ በሙያው ያሉ ሰዎች የሚሠሩበት ልማድ ቀላል ነው። ፀጉሩ ጥቁር ወይም በጣም የጠቆረ ከሆነ ቅንድቡ በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ ፈካ ይላል፤ ፀጉሩ የፈካ ከሆነ ደግሞ ቅንድቡ በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ ይጠቁራል። ለጥቁር ፀጉር ጥቁር ቡናማ፤ ለቡናማ ፀጉር መካከለኛ ቡናማ፤ ለብሎንድ ፈካ ያለ ቡናማ። ፀጉር ማለት እዚህ ላይ አሁን የሚታየው ፀጉር ነው፤ የተቀለመ ከሆነ የተቀለመው፣ ዊግ ወይም ሂውማን ሄር ከሆነም ብዙ ጊዜ የሚደረገው።

የሙሽራዋን እኅት እንውሰድ፤ ለሠርጉ ማር የመሰለ ብሎንድ ሂውማን ሄር አሰፍታለች። የራሷ ቅንድብ ጥቁር ነው። ቅንድቧን ከፀጉሩ ጋር ላስማማ ብትል ቲንት አይረዳትም፤ ቲንት ያጠቁራል እንጂ አያፈካም። ማፍካት የሚችለው የጥቁረት ማጥፊያ ብሊች ነው፤ እሱ ደግሞ በቤት ውስጥ ከዓይን በላይ መዋል የሌለበት ነገር ነው። ለእሷ የሚያዋጣት ፈካ ያለ ቡናማ ጄል ነው፤ በጥቁሩ ቅንድብ ላይ በስሱ ሲቀባ ጥቁረቱን ያለዝበዋል፤ ፀጉሩ ሲፈታም አብሮ ይታጠባል።

ከደረጃው ቀጥሎ የቀለሙ ሙቀት ይመጣል። ቡርጋንዲ ወይም በሂና የቀላ ፀጉር ያላት ሴት ቅንድቧንም ቀይ ለማድረግ ትፈተናለች፤ ቀይ ቅንድብ ግን ከርቀት የተቆጣ ቆዳ ይመስላል። ለዚህ ፀጉር ወርቃማነት ያለው ቡናማ ይበቃዋል፤ ፀጉሩ ቀይነቱን ለራሱ ይያዝ። ሽበቷን ሳትቀለም የተወች እናት ደግሞ በተቃራኒው ወርቃማ ቡናማ አይሆናትም፤ ከብር መሳዩ ፀጉር ሥር ዝገት ይመስላል። አመድማ ወይም ግራፋይት የሚባለው፣ ወደ ግራጫ ያደላ ቡናማ ነው የሚስማማት። እነዚህን ለመለየት የመደብር መብራት አይታመንም። ቱቦውን ወይም የቀለም ናሙናውን ይዞ ወደ በር ወጣ ማለት፣ በቀን ብርሃን ከጆሮ በላይ ካለው ፀጉር ጋር ማስተያየት ይሻላል። በሁለት መካከል ለተጠራጠረች ሴት ፈካ ያለውን መውሰድ ይመከራል፤ ያነሰውን መድገም ይቻላል፣ የበዛውን ግን መመለስ ከባድ ነው።

ወደ ሠርግ ዋዜማዋ እናት እንመለስ። ሠርጉ ነገ ነው። ለእሷ ዛሬ ማታ የሚሆን ቲንት የለም፤ ምክንያቱም አንድ ሙከራ 48 ሰዓት ይፈልጋል። ለነገው ጥቁር ቡናማ ጄል ወይም እርሳስ ይበቃታል፤ ሦስቱንም ሽበቶች ይሸፍናል። ቀኑን ቀድማ አስባ ቢሆን ኖሮ፣ ሠርጉ እሑድ ከሆነ፣ ሙከራውን ሰኞ ማታ አድርጋ ሐሙስ ትቀለም ነበር። ሐሙስ የተቀለመ ቅንድብ እሑድ ላይ ቆዳው ላይ ያለው ጥላ ሳሳ ብሎ በጣም ያምራል፤ በዚያው ቀን የተቀለመ ግን ሁልጊዜ ጠንከር ብሎ ይታያል።

ከሠርጉ በኋላ ግን በእርጋታ ልትሠራው ትችላለች። ቀለሙ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ፀጉሯ ጥቁር ተቀልሟልና። መጀመሪያ ከቱቦው የስንዴ ፍሬ የምታህል አውጥታ ከፈሳሹ ጋር በጥብጣ ከጆሮዋ ጀርባ ወይም በክርኗ ውስጠኛ መታጠፊያ ትቀባለች፤ ወረቀቱ የሚለውን ያህል አቆይታ ታጥባለች። ሁለት ሙሉ ቀን ትጠብቃለች። ቦታው ቢቀላ፣ ቢያሳክካት፣ ቢያብጥ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል፤ ቱቦው ይጣላል። ምንም ከሌለ ትቀጥላለች። ሙከራው ባለፈው ወር አልፎ ቢሆን እንኳ በየጊዜው ይደገማል፤ ሰውነት በመካከል ሊለወጥ ይችላልና።

ቅንድቧን በክር ወይም በሰም ያስቀነደበች ከሆነ ያን ቀን አትቀለምም። ክሩ ሲነቅል በዓይን የማይታይ ቁስል ይተዋል፤ ቢያንስ አንድ ቀን፣ ቢቻል ሁለት ቀን ይለፈው። ዓይኗ ከቀላ ወይም ቅንድቧ ሥር ችፌ ካለ ደግሞ እስኪድን ትጠብቃለች።

በቀኑ ፊቷን በሳሙና ታጥባ ቅንድቧን በደንብ ታደርቃለች፤ ቅባት ያለበት ፀጉር ቀለም አይቀበልም። ከዚያ ቫዝሊን በቅንድቡ ዙሪያ፣ ከላይም ከታችም፣ ፀጉሩን ሳትነካ በጠባብ መስመር ትቀባለች። ቫዝሊኑ ቀለም ቆዳ እንዳይይዝ የሚያደርግ አጥር ነው፤ ፀጉሩ ላይ ካረፈ ግን እዚያ ቦታ ላይ ነጭ ሽበት ቀርቶ ይታያል። ቀለሙን በብረት ሳይሆን በብርጭቆ ወይም በፕላስቲክ ሰሃን ትበጠብጣለች። የብዙዎቹ ቲንቶች መጠን ሁለት ሳንቲ ሜትር ቀለም ከዐሥር ጠብታ ፈሳሽ ጋር ነው፤ ለሁለት ቅንድብ ግማሹ ይበቃል። ወረቀቱ ሌላ ካለ ግን ወረቀቱ ይከበራል። የተበጠበጠ ቀለም ወዲያው መሥራት ስለሚጀምር ለነገ አይቀመጥም።

አቀባቡ ከጅራት ወደ ራስ ነው፤ በጆሮ በኩል ካለው ጫፍ ተጀምሮ ወደ አፍንጫ። የቅንድቡ ራስ ፀጉሩ ሳሳ ያለና ቆዳው የሚታይ ስለሆነ መጨረሻ ላይ፣ በጣም በጥቂቱ ይነካል፤ እዚያ ከበዛ ሁለት ጥቁር አራት ማዕዘን ይሆናል፤ ከሩቅ የሚታየው ስሕተትም ይኸው ነው። ቀጥ ብላ ተቀምጣ እንጂ ጎንበስ ብላ አትቀለም፤ ዓይኗም ወደ ታች አይጨናነቅ። ሁለት ደቂቃ ሲሆን ከአንዱ ቅንድብ ላይ ትንሽ በደረቅ ጥጥ ጠርጋ ታየዋለች። ቡናማው ከበቃ ታነሣዋለች፤ ካልበቃ መልሳ ቀብታ በየደቂቃው ታያለች። ሽበት ቀለም ለመቀበል ደንዳና ስለሆነ የእሷ ምናልባት አምስት ወይም ስድስት ደቂቃ ይፈልግ ይሆናል፤ ወረቀቱ ከፈቀደው ጊዜ ግን አንድ ደቂቃም አትጨምርም። ስታነሣው መጀመሪያ በደረቅ ጥጥ ወደ ፀጉሩ ተቃራኒ ትጠርገዋለች፣ ከዚያ በእርጥብ ጥጥ። ፊቷን በውኃ የምትታጠበው ቀለሙ በጥጥ ተጠርጎ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው፤ አለዚያ ውኃው ቀለሙን ይዞ ወደ ዓይን ይወርዳል።

ከአጥሩ ውጭ የተረፈ ቀለም ካለ ያኔውኑ በሳሙና ባራሰ ጥጥ ትሸው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ አይለቅም። በጣም ከጠቆረባት ቅንድቧን ከሁለት እስከ ሦስት ቀን በሻምፑ ደጋግማ መታጠብና ማታ ማታ ዘይት መቀባት ጥላውን ያለሰልሰዋል። ብሊች ግን አታስብም።

ዓይን ውስጥ ከገባ ሌላ ነገር የለም፤ ዓይንን ከፍቶ በንጹሕ ውኃ ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ማፍሰስና የዓይን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፤ ኮንታክት ሌንስ ካለና በቀላሉ የሚወጣ ከሆነ ይወጣል፣ ማፍሰሱ ግን አይዘገይም። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ዐይን ቆብ ሲያብጥ፣ ቅንድቡ ላይ ውኃ ሲቋጠር፣ ቅባት እየቀያየሩ ከመሞከር ይልቅ የቀለሙን ካርቶን ይዞ ወደ ቆዳ ሐኪም መሄድ ይሻላል፤ ካርቶኑ ሐኪሙን ብዙ ጥያቄ ያድነዋል። ፊት ሁሉ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ቀለም የማይፈታው አለ። ቲንት ያለውን ፀጉር ይቀልማል እንጂ የሌለውን አያበቅልም። የቅንድቧ የውጭ ጫፍ፣ ጅራቱ፣ ሳይነቀል እየሳሳ የመጣባት ሴት፣ በተለይ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለትና የክብደት መጨመር ካለባት፣ ቲንት ከመግዛቷ በፊት የእንቅርት ዕጢዋን ትመርመር፤ የዕጢው ሥራ መቀነስ ከሚያሳያቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ነውና።

እናትየዋ በእርጋታ የቀለመችው ቅንድብ በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀናት ጠቆር ብሎ ይቆያል፤ ከዚያ ቆዳው ላይ ያለው ጥላ ለቆ ፀጉሩ ብቻውን ቡናማ ይሆናል። የቅንድብ ፀጉር እንደ ራስ ፀጉር ለዓመታት አያድግም፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ረግፎ በሌላ ይተካል። ስለዚህ በአራተኛውና በአምስተኛው ሳምንት ግራ ቅንድቧ ላይ ያልተቀለሙ አዲስ ሽበቶች ብቅ ይላሉ። ያኔ ልጇ ሰኞ ማታ ከጆሮዋ ጀርባ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቀለም ትቀባላታለች፤ እስከ ረቡዕ ማታም ይጠብቃሉ።